አንድ ራይት ላይ የቆመ መልእክት፦ ከጂዳ እስከ ኩታበር

ከላኩት መልእክት ጎን የምትታየው ትንሽ ራይት የምትነግርዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልእክቱ እስከ የት እንደ ደረሰ። ለምን እዚያ እንደ ቆመ ግን አትነግርዎትም። ተቀባዩ ተቀይሞ ይሁን ተኝቶ፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ይሁን ዳታ ዘግቶ፣ ራይቷ የምታውቀው ነገር የለም። ያም ሆኖ በእሷ የተነሣ ወንድምና እኅት ይኮራረፋሉ፤ እጮኛ ‹‹ብሎክ አድርጎኛል›› ብላ ታለቅሳለች፤ ባለሱቅ ደንበኛውን ‹‹እያየ ዝም አለኝ›› ይለዋል። የዚህ መመሪያ አቋም፣ ራይት ቆማ ስትቀር መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት መንገዱ እንጂ ሰውየው አይደለም የሚል ነው። በተለይም አንደኛው ወገን ኩታበር፣ ተንታ ወይም መካነ ሰላም፣ ሌላው ጂዳ ወይም አዲስ አበባ ከሆነ ይህ አቋም ብዙ ጊዜ ትክክል ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱን ለማየት ምልክቶቹን አንድ በአንድ እንከተላቸው።

በዋትስአፕ እንጀምር። መልእክት ጽፈው ሲልኩ መጀመሪያ የምትታየው ራይት ሳትሆን ትንሽ የሰዓት ምልክት ናት። ሰዓቷ እስካለች ድረስ መልእክቱ ከእርስዎ ስልክ አልወጣም፤ ችግሩም ያለው በእርስዎ በኩል ነው። ኔትወርክ የለም፣ ዳታው ተዘግቷል፣ ወይም ጥቅሉ አልቋል ማለት ነው። ሰዓቷ ወደ አንድ ግራጫ ራይት ስትለወጥ መልእክቱ የዋትስአፕ ሰርቨር ዘንድ ደርሷል። ሁለት ግራጫ ራይት ሲሆን ከሰርቨሩ ወጥቶ ተቀባዩ ስልክ ላይ፣ ወይም ተቀባዩ ዋትስአፕን ያገናኘበት ኮምፒውተር ላይ አርፏል። ሁለቱ ወደ ሰማያዊ ሲለወጡ ደግሞ መልእክቱ ያለበት ገጽ ተከፍቷል። ነገሩ ለአውቶቡስ ረዳት ተሰጥቶ ከሚሄድ ደብዳቤ ብዙም አይለይም። አንዷ ራይት ረዳቱ ‹‹ተቀብያለሁ›› ያለው ነው፤ ሁለተኛዋ ደብዳቤው ተቀባዩ ደጃፍ መድረሱ፣ ሰማያዊዋ ደግሞ ፖስታው መከፈቱ። ረዳቱ ደብዳቤውን ይዞ መናኸሪያ ሲጠብቅ ቢውል ‹‹ወንድሜ ደብዳቤዬን አልቀበል አለ›› የሚል ሰው አይኖርም። አንዷን ራይት ሲያዩ እንዲህ የሚሉ ግን ብዙ ናቸው።

ሰማያዊው ቀለም ከመጀመሪያው አልነበረም። ዋትስአፕ ያመጣው በ2007 ዓ.ም. መግቢያ፣ በፈረንጆቹ ኅዳር 2014 ነው፤ ብዙ ቅሬታ ስለተነሣበት ወዲያው የማጥፊያ አማራጭ ጨመረበት። አማራጩ Settings ከዚያ Privacy ውስጥ Read receipts በሚል ስም ይገኛል። ይህን የዘጋ ሰው መልእክትዎን አሥር ጊዜ ቢያነበው እንኳ ሁለቱ ራይቶች ግራጫ እንደሆኑ ይቀራሉ። በምላሹ እሱም የሌሎችን ሰማያዊ ማየት አይችልም። ስለዚህ ሁለት ግራጫ ራይት ‹‹አላነበበም›› ማለት አይደለም። ‹‹ስልኩ ደርሷል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም›› ማለት ነው። በስልኩ ፊት ላይ ብቅ ከሚለው ኖቲፊኬሽን ላይ መልእክቱን አንብቦ ገጹን ያልከፈተ ሰውም ያው ግራጫ ነው የሚያሳይዎት።

አሁን ወደ ቴሌግራም እንለፍ፤ የአብዛኛው ጥርጣሬ ምንጭ እዚህ ነውና። የአገራችን ሰው ሁለቱንም መተግበሪያዎች በአንድ ስልክ ላይ ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል፤ ራይቶቹም ስለሚመሳሰሉ ትርጉማቸው አንድ ይመስለዋል። አይደለም። በቴሌግራም አንድ ራይት ማለት መልእክቱ የቴሌግራም ሰርቨር ዘንድ ደርሷል ማለት ነው፤ ሁለት ራይት ደግሞ ተነቧል ማለት ነው። በመካከል ‹‹ስልኩ ደርሷል›› የሚል ምልክት ጭራሽ የለም። ለዚህም ቴሌግራም ምክንያቱን ራሱ ይናገራል፤ አንድ ሰው አካውንቱን በስልክም፣ በታብሌትም፣ በኮምፒውተርም በአንድ ጊዜ ስለሚከፍት ‹‹ደረሰ›› ሲባል የትኛው ጋ ደረሰ ሊባል ነው? ውጤቱ ይህ ነው፦ ተቀባዩ ስልኩን በእጁ ይዞ፣ ኔትወርክ ሞልቶለት፣ መልእክትዎ ኖቲፊኬሽን ሆኖ መጥቶለት እንኳ ገጹን ካልከፈተ ቴሌግራም ላይ አንድ ራይት ብቻ ነው የሚያዩት። ስለዚህ የቴሌግራምን አንድ ራይት በዋትስአፕ ሕግ ተርጉሞ ‹‹ስልኩ ዝግ ነው›› ማለት ስሕተት ነው። በዚያው ሕግ ሁለቱን ራይት ‹‹ደርሶታል እንጂ ገና አላነበበውም›› ብሎ መጠበቅም ስሕተት ነው፤ ቴሌግራም ላይ ሁለተኛዋ ራይት የዋትስአፕን ሰማያዊ ሥራ ነውና የምትሠራው። እንግዲህ የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው፤ ራይቷን ከመተርጎምዎ በፊት የትኛው መተግበሪያ ውስጥ እንዳሉ ይመልከቱ።

ይህ ሁሉ በተግባር እንዴት እንደሚሆን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አንዲት እኅት ጂዳ ትሠራለች፤ ወንድሟ ከኩታበር ከተማ ወረድ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ይኖራል። ሐሙስ ምሽት ገንዘብ ልካ፣ መቀበያ ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት በስልኳ ፎቶ አንሥታ በዋትስአፕ ሰደደችለት፤ ከሥርም ‹‹ነገ ደሴ ወርደህ ተቀበል›› ብላ ጻፈች። የሰዓት ምልክቷ ወዲያው ጠፍታ አንድ ራይት ታየች። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ምንም የለም። ዓርብ ቀትር ላይ ሁለት ግራጫ ሆነ፤ ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ሰማያዊ ሆነ። ወንድም ግን አልመለሰም። እሷ ‹‹አየው፤ ገንዘቡንም ይዟል፤ አመሰግናለሁ ማለት ከበደው›› ብላ ደመደመች። እሱ ደግሞ የተቀበለው ነገር የለም።

የሆነውን ከራይቶቹ ማንበብ ይቻላል። መልእክቱን ተጭና ይዛ፣ ከላይ ካሉት ሦስት ነጥቦች Info የሚለውን ብትከፍት Delivered 12:40፣ Read 13:05 የሚል ታገኛለች። ስልኩ የሚጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ይህ ማለት ከቀኑ 6፡40 ደርሶ 7፡05 ተከፈተ ማለት ነው። ጂዳና ኢትዮጵያ የሰዓት ልዩነት ስለሌላቸው ሒሳቡ በዚሁ ያበቃል፤ ዱባይ ብትሆን ኖሮ የአንድ ሰዓት ልዩነት ማሰብ ነበረባት፤ ምክንያቱም ስልኳ የሚያሳያት እሷ ያለችበትን አገር ሰዓት ነው። አንዷ ራይት ሌሊቱን የቆመችው ወንድሟ ቤቱ ስለነበረ፣ ቤቱም ኔትወርክ ከማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ ነው። 6፡40 ሲል ወደ ከተማው ሲወጣ ስልኩ ኔትወርክ አገኘ። 7፡05 ሲል መልእክቱን ከፈተ፤ ጽሑፉን አነበበ። ፎቶው ግን ደብዝዞ፣ መሐሉ ላይ የማውረጃ ቀስት ይዞ ነበር የሚታየው። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር አልወርድ አለው፤ ‹‹ቁጥሩ አልታይ አለኝ›› ብሎ የጻፈውም መልስ ከሰዓት ምልክቷ ጋር ስልኩ ላይ ቀረ።

ከዚህ ምሳሌ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይወጣል፤ ከፎቶ ጎን ያለ ሰማያዊ ራይት ፎቶው ታይቷል ማለት አይደለም። ሁለቱ ግራጫ ራይቶች የሚሉት ‹‹ፎቶ ተልኮልሃል›› የሚለው መልእክት ደርሷል ነው፤ ፎቶው ራሱ ግን ተቀባዩ እስኪያወርደው ድረስ ሰርቨር ላይ ይጠብቃል። ገጹ ሲከፈት፣ ፎቶው ባይወርድም ራይቶቹ ሰማያዊ ይሆናሉ። ብዙ ሰው ዳታ ለመቆጠብ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ስለሚዘጋው ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ መቀበያ ቁጥር፣ የሂሳብ ቁጥር፣ የቀጠሮ ቀን የመሳሰለ ወሳኝ ነገር በፎቶ ብቻ አይላክ። በጽሑፍም ይድገሙት፤ ጥቂት ፊደላት ፎቶ በማያልፍበት ኔትወርክ ብዙ ጊዜ ያልፋሉ።

ለድምፅ መልእክት ደግሞ ራሱን የቻለ ምልክት አለ፤ እንደ እኔ ግምት በገጠር ላሉ ወላጆች ለሚልክ ሰው ከራይቶቹ ሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ይህ ነው። የላኩት የድምፅ መልእክት ጎን ትንሽ የማይክሮፎን ሥዕል አለች። ራይቶቹ ሰማያዊ ሆነው ማይክሮፎኗ ግራጫ ከሆነች ገጹ ተከፍቷል፤ ድምፁ ግን ገና አልተሰማም። ማይክሮፎኗም ሰማያዊ ስትሆን ድምፁ ተጫውቷል። ተቀባዩ Read receipts ዘግቶ ቢሆን እንኳ ይህች ምልክት ትሠራለች። ፊደል ለማትቆጥር እናት ልጅ ወይም ጎረቤት ስልኩን ከፍቶ መልእክቶቹን ሲያገላብጥ ሰማያዊ ራይት ይመጣል፤ እናት ግን ምንም አልሰማችም። የማይክሮፎኗ ሰማያዊ መሆን ‹‹እናት ሰማች ወይ?›› ለሚለው ጥያቄ ቢያንስ ግማሹን መልስ ይሰጣል፤ ድምፁ መጫወቱን እንጂ ማን እንደሰማው አይናገርምና።

አሁን ዋናው ጥያቄ ጋ ደርሰናል፤ አንድ ራይት ለምን ቆሞ ይቀራል? በዋትስአፕ፣ ወደ ኋላ ከምናየው ብሎክ በቀር፣ መልሱ አንድ ነው፤ ሰርቨሩ የተቀባዩን ስልክ ማግኘት አልቻለም። ያልቻለበት ምክንያት ግን ብዙ ነው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ መጀመሪያ የሚመጣው መልክዓ ምድሩ ነው። የሞባይል ሞገድ ተራራ አያልፍም፤ አንቴናው ከቆመበት ጉብታ ጀርባ ያለ ቤት፣ ወደ በሽሎ ወይም ወደ ዓባይ የሚወርድ ቁልቁል ላይ ያለ መንደር፣ አንቴናው በአየር ርቀት ቅርብ ቢሆንም ላያገኘው ይችላል። ሰዉ ለመደወል ጉብታ ላይ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ የእርስዎም መልእክት እሱ ጉብታው ላይ እስኪወጣ ይጠብቃል። መብራት ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ደግሞ አንቴናው ራሱ በመጠባበቂያ ባትሪው እስከ ቻለ ይሠራና ይጠፋል፤ ያኔ የአንድ አካባቢ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ አንድ ራይት ይሆናል። ይህን ማወቂያ ዘዴው ቀላል ነው፦ ለዚያው አካባቢ ሌላ ሰው መልእክት ይላኩ። የእሱም አንድ ራይት ላይ ከቆመ ነገሩ የሰውየው ሳይሆን የአካባቢው ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚያነሣው ተቃውሞ አለ፤ ‹‹በስልክ ስደውልለት ይጠራል፤ እንግዲያው ኔትወርክ አለው፤ ሆን ብሎ ነው›› የሚል። ይህ ተቃውሞ ጠንካራ ይመስላል፤ ግን ሁለት መንገዶችን አንድ ያደርጋል። መደበኛ ጥሪ ዳታ አይፈልግም፤ ዋትስአፕ ያለ ዳታ አይሠራም። ጥቅሉ ያለቀበት ሰው ስልኩ ይጠራል፤ መልእክትዎ ግን አይደርሰውም። ባትሪ ወይም ብር ለመቆጠብ ዳታውን ዘግቶ፣ ማታ ብቻ የሚከፍት ሰውም እንዲሁ። ሌላም አለ፤ ከስልኩ አናት ላይ E የሚል ፊደል በሚታይበት የ2ጂ ኔትወርክ ላይ ብዙ ስልኮች በድምፅ ጥሪ ጊዜ ዳታቸው ይቋረጣል። ስለዚህ ሰውየውን በስልክ ይዘው እያወሩ ‹‹ቆይ አሁን ልኬልሃለሁ፣ ደረሰህ?›› ብለው ቢጠይቁት፣ አልደረሰኝም ማለቱ እውነቱን ነው። ስልኩን ይዝጉለትና ጥቂት ይጠብቁ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ስለታም ነው፤ ‹‹ዳታ አለው፤ ቴሌግራም ላይ ኦንላይን ሆኖ አየሁት፤ የዋትስአፕ መልእክቴ ግን አንድ ራይት ነው።›› ይህ በእርግጥ ይሆናል፤ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ የስልኩ ነው። በገበያችን የበዙት ርካሽ የአንድሮይድ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ብዙ ያልተከፈተ መተግበሪያን ያስተኛሉ። የተኛው ዋትስአፕ ሰውየው በጣቱ እስኪከፍተው ድረስ ከሰርቨሩ ጋር አይገናኝም፤ በከፈተው ቅጽበት ግን የሦስት ቀን መልእክት በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። ‹‹ዋትስአፕ ስከፍት ነው መልእክት የሚመጣልኝ›› የሚል ሰው ካለ በሽታው ይህ ነው። መድኃኒቱ Settings፣ ከዚያ Apps፣ ከዚያ WhatsApp፣ ከዚያ Battery ገብቶ Unrestricted የሚለውን መምረጥ ነው፤ ቃላቱ እንደ ስልኩ ዓይነት ትንሽ ይለያያሉ። እዚያው አጠገብ Mobile data ውስጥ Background data መከፈቱን፣ በስልኩ አጠቃላይ ቅንብርም Data Saver ዋትስአፕን እንዳያግድ መደረጉን ይመልከቱ።

የስልኩ ቀንም ሌላ ጥፋተኛ ነው፤ ይህን በሌላ አገር መመሪያ ላይ ጎልቶ አያገኙትም። አንዳንድ ሰው የስልኩን ቀን በእጁ ወደ ኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ይለውጠዋል። ለዓይን ደስ ይላል፤ ለዋትስአፕ ግን ያ ስልክ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ነው። መተግበሪያው ከሰርቨሩ ጋር ሲገናኝ ለደኅንነት የሚያየው ማረጋገጫ የተወሰነ የጊዜ ገደብ ስላለው ቀኑ ከዚያ ውጭ ሲሆን ግንኙነቱ ይከለከላል። የዚህ ስልክ ባለቤት ከላከ የሰዓት ምልክቷ ትቆማለች፤ ከተላከለት የላኪው አንድ ራይት ትቆማለች። ዋትስአፕ ራሱ ‹‹ቀንህ ልክ አይደለም›› የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ግን በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ሰው ዘግቶት ያልፋል። በቅንብሩ ውስጥ Date & time ገብቶ በራሱ እንዲስተካከል ማድረግ ይበቃል። የኢትዮጵያን ቀን ማየት ለሚፈልግ ለብቻው የሚጫን የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ አለ፤ የስልኩን ቀን ግን አይንኩት።

ሌሎቹን ምክንያቶች ባጭሩ ልለፋቸው። የስልኩ ማከማቻ ጢም ብሎ ከሞላ መልእክት ይስተጓጎላል። አሮጌ ስልክ ደግሞ ዋትስአፕ ከተወሰነ የአንድሮይድ ዕትም በታች ላሉት መሥራት ስላቆመ ጭራሽ ሊቀር ይችላል። ሲም ቀይሮ ዋትስአፑን ወደ አዲሱ ቁጥር ያዛወረ ሰው በአሮጌው ቁጥር የተላከለት መልእክት አይደርሰውም፤ ስለዚህ ‹‹ቁጥር ቀይረሃል ወይ?›› የሚለው ጥያቄ ከብሎክ ጥርጣሬ በፊት መምጣት አለበት።

ብሎክ ራሱ ግን እውነት ነው፤ መኖሩን መካድ አንባቢን ማታለል ይሆናል። ዋትስአፕ ላይ ብሎክ ላደረገዎ ሰው የሚልኩት መልእክት ለዘለዓለም አንድ ራይት ነው፤ ኦንላይን መሆኑንና መጨረሻ የታየበትን ሰዓት አያዩም፤ የለወጠውም ፎቶ አይታይዎትም። ቴሌግራምም ላይ ሁለተኛዋ ራይት አትመጣም። ነገር ግን እነዚህ ምልክቶች እያንዳንዳቸው ሌላ ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል፤ መጨረሻ የታየበትን ሰዓት ከሁሉም ሰው መደበቅ ይቻላል፤ ፎቶን ማንሣትም እንዲሁ። ዋትስአፕ ይህን ግልጽ ያላደረገው በስሕተት አይደለም፤ ብሎክ ያደረገውን ሰው ለመጠበቅ ሆን ብሎ ነው። ስለዚህ በራይት ብቻ ብሎክን ማረጋገጥ አይቻልም። ማጣራት ከፈለጉ በዋትስአፕ ይደውሉ፤ ስክሪኑ Calling ከሚለው ወደ Ringing ከተለወጠ ስልኩ ተገኝቷል፤ ብሎክም አልተደረጉም። Calling ላይ ከቆመ ግን ምንም አልተረጋገጠም፤ ዳታ የሌለው ስልክም እንደዚያው ነው። ይህ ማጣሪያ የዋትስአፕ ጥሪ በሚታገድባቸው አገሮች፣ ለምሳሌ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ አይሠራም። ከሁሉ የሚሻለው በመደበኛው ስልክ ደውሎ ‹‹ዳታ አለህ? እስኪ ዋትስአፕን ክፈተው›› ማለት ነው። ከፍቶትም፣ ኔትወርክ እያለው፣ ራይቷ ካልተንቀሳቀሰች ያን ጊዜ መጠርጠር ይቻላል።

በግሩፕ ውስጥ ሕጉ ስለሚለወጥ አንድ ማስታወሻ ያስፈልጋል። በዋትስአፕ ግሩፕ ሁለተኛዋ ራይት የምትመጣው መልእክቱ ለሁሉም አባላት ሲደርስ ነው፤ ሰማያዊም የሚሆነው ሁሉም ሲያነቡ ነው። ሠላሳ አባላት ባሉት የዕድር ወይም የአብሮ አደግ ግሩፕ አንዱ ስልኩ ከጠፋበት መልእክትዎ ለወራት አንድ ራይት ላይ ይቆያል፤ ሃያ ዘጠኙ ግን አንብበውታል። Info ሲከፍቱ ያነበቡትን በስማቸው ያገኛሉ። ቴሌግራም ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በግሩፑ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ቢያነብ ሁለተኛዋ ራይት ትመጣለች። ስለዚህ ስለ ለቅሶ ወይም ስለ ስብሰባ ቀን ለውጥ በቴሌግራም ግሩፕ ከላኩ ሁለቱን ራይት አይተው ‹‹ሁሉም ሰምቷል›› አይበሉ።

የቀረው ረጅም መቋረጥ ነው፤ ይህም በአካባቢያችን ታሪክ ያለው ነገር ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ከሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ጠፋ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ አካባቢ በደረሰበት ወቅት ግንኙነት ተቋርጦ ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ተገድበው ቆዩ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘጋ። በእነዚህ ጊዜያት ከውጭ አገር የተላኩ መልእክቶች አንድ ራይት ላይ ቆሙ። ብዙ ሰው ‹‹ኔትወርኩ ሲመለስ ይደርሳሉ›› ብሎ ጠበቀ። በቴሌግራም ግምቱ ትክክል ነበር፤ መልእክቱ ሰርቨሩ ላይ ስለሚቀመጥ ሰውየው ሲገባ ያገኘዋል። በዋትስአፕ ግን አይደለም። ዋትስአፕ ያልደረሰን መልእክት ሰርቨሩ ላይ የሚያቆየው ለ30 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ይሰርዘዋል። ለላኪው ‹‹ተሰርዟል›› የሚል ማስታወቂያ አይመጣለትም፤ አንዷ ራይት እንደቆመች ትቀራለች። ከ120 ቀን በላይ ሳይገናኝ የቆየ አካውንት ደግሞ ራሱ ሊሰረዝ ይችላል፤ ያ ሰው ሲመለስ እንደ አዲስ መመዝገብ ይኖርበታል።

ስለዚህ ከዚያን ጊዜ የቀረ ባለ አንድ ራይት መልእክት ስልክዎ ላይ ካለ ሁለት ነገር ማወቅ ይገባዎታል። አንደኛ፣ የመቆሙ ምክንያት ሰውየው ይሆናል ብሎ መነሣት አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ያች ራይት ከእንግዲህ አትለወጥም፤ ቢጠብቋትም ከንቱ ነው። መልእክቱ አሁንም የሚያስፈልግ ከሆነ ተጭነው ይያዙትና በ Forward ለዚያው ሰው መልሰው ይላኩት። ፎቶ ወይም የድምፅ መልእክት ከሆነ ግን ፋይሉ ስልክዎ ላይ መኖሩን መጀመሪያ ከፍተው ያረጋግጡ፤ ከስልክዎ ከጠፋ ሰርቨሩም ስለማይኖረው እንደገና ፎቶ ማንሣት ወይም እንደገና መቅዳት ይኖርብዎታል። አዲሷ ራይት ሁለት ስትሆን አሮጌውን ማጥፋት ይችላሉ። ወደፊትም መቋረጥ ሲመጣ ከላኩበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ቆጥረው ያስቡ፤ መልእክቱ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ራይት ካልሆነ ኔትወርኩ ሲመለስ ራስዎ እንደገና ይላኩት።